የስድስቱ አርበኞች ፎቶግራፎች

የመጽሔት ፎቶግራፍ በዚንክ ክሊሼ ይታተም በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ከዝግጅት ክፍል ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄድ ማንኛውም የሰው ምስል ከየትኛው ጫፍ እስከ የትኛው ጫፍ እንደሚታተም ተለይቶ፣ ወርዱና ቁመቱ በሴንቲሜትር ተለክቶ፣ ልኩም በጀርባው ላይ በለስላሳ እርሳስ ተጽፎ መሰናዳት ነበረበት። ክሊሼው አንድ ጊዜ በአሲድ ከተበላ በኋላ የተቈረጠ ግንባር ወይም የጠፋ አገጭ የሚመለስበት መንገድ ስላልነበረ፣ እንደገና ለማሠራትም ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን መጽሔቱ የሚወጣበት ቀን ስለማይፈቅድ፣ ፎቶግራፍ መከርከም በእኛ ዘንድ ለጀማሪ የሚሰጥ ሥራ አልነበረም፤ ለእኔም የተፈቀደልኝ ብዙ አይቼና ብዙ ጠብቄ ነው።

ሥራውን ያስተማሩኝ የገጽ ቅንብር ኀላፊያችን በልጅነታቸው በአንድ የጎጃም ደብር ዜማና ቅኔ የተማሩ፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕልም የሞከሩ፣ በኋላም አዲስ አበባ መጥተው በኅትመት ሥራ ላይ ያረጁ ሰው ነበሩ፤ እኛም ሁላችን «ጋሼ» እንላቸው ነበር። ስለ ሰው ፊት የነበራቸው ጥንቃቄ ከዚያው ከደብሩ ይዘውት የመጡት እንደ ሆነ አልጠራጠርም። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ጻድቃንና ቅዱሳን ፊታቸው ምሉእ ሆኖ ሁለት ዓይናቸው ሲታይ፣ አጋንንትና ዐመፀኞች ግን ወደ ጐን ዞረው አንድ ዓይናቸው ብቻ እንደሚታይ የታወቀ ነው፤ በዚህ ሥርዐት ያደገ ሰው ደግሞ የአንድን ሰው ግማሽ ፊት በሳጥን ጠርዝ ያስቀረ ገጽ ሲያይ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም። በጋሼ አነጋገር የፎቶግራፍ ሥራ እንደ መልክእ ድርሰት ከራስ ጠጕር ጀምሮ ወደ ታች የሚወርድ ነው፤ መልክእ ደራሲው ከራስ ወደ ገጽ፣ ከገጽ ወደ ቅንድብና ወደ ዓይን እያለ ሰላምታውን በቅደም ተከተል እንደሚያቀርብ፣ ከርካሚውም መጀመሪያ ከላይ ያለውን አስከብሮ፣ ቦታ ሲያጥረው ከታች ይቀንሳል እንጂ ከላይ አይጀምርም።

መሣሪያችን ጥቂት ነበር። በፎቶግራፉ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ወረቀት ይለበጥበታል፤ በማዕዘን ቅርጽ የተቈረጡ ሁለት የካርቶን ቁራጮች ወዲያና ወዲህ እየተገፉ የሚታተመው ክፍል ይፈለጋል፤ ሲገኝም በስሱ ወረቀት ላይ በቀላሉ ይሰመራል። ራሱ ፎቶግራፉ ላይ መጻፍ፣ በጀርባው ላይ በጠንካራ እርሳስ መጫን ወይም በሽቦ መያዣ ማያያዝ ክልክል ነበር፤ ከኋላ የተጫነ እርሳስ ከፊት ጕብ ያለ መስመር አውጥቶ በክሊሼው ላይ እንደ ጠባሳ ስለሚታይ፣ ይልቁንም አብዛኛው ፎቶግራፍ ከቤተ ሰብ የተዋስነው ለሟቹ አንድ ብቻ የሆነ መታሰቢያ ስለ ነበረ ነው። በመቀስ የተነካ ፎቶግራፍ ከእኛ ክፍል ወጥቶ አያውቅም።

የወርድና የቁመቱ ነገር በሰያፍ መስመር ይፈታ ነበር፤ ይህንንም ዘዴ ዛሬ በኮምፒዩተር የሚሠሩ ወጣቶች ባያስፈልጋቸውም ቢያውቁት እወዳለሁ። በስሱ ወረቀት ላይ ከተሰመረው ሳጥን የታችኛው ግራ ማዕዘን እስከ ላይኛው ቀኝ ማዕዘን አንድ ሰያፍ ይሰመራል፤ ከዚያ የመጽሔቱ ዐምድ ወርድ በሳጥኑ ግርጌ ላይ ከግራ ተለክቶ ነጥብ ይደረግበታል፤ ከነጥቡ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣው መስመር ሰያፉን የሚነካበት ቦታ የሚታተመው ፎቶግራፍ ቁመት ነው። 9 በ12 ሴንቲሜትር የሆነ የስቱዲዮ ፎቶግራፍ ወደ 5.4 ሴንቲሜትር ዐምድ ሲወርድ ቁመቱ 7.2 ይመጣል። ከ35 ሚሊሜትር ፊልም ቁመቱን ይዞ ሙሉውን የታጠበ ፎቶግራፍ ግን በዚያው ወርድ 8.1 ስለሚሆን፣ በ7.2 ሳጥን ውስጥ ይግባ ከተባለ 0.9 ሴንቲሜትር ሊቀነስለት ይገባል፤ ያም የሚቀነሰው ከደረቱ በታች ነው። አራት ማዕዘኑ እኩል የሆነው የ6 በ6 ፊልም ደግሞ በተቃራኒው ከወርዱ ሩቡን ያህል ይሰጣል። እንግዲህ ምጥጥኑ ሲለያይ አንድ ነገር መቅረቱ ግድ ነው፤ ምን እንደሚቀር የሚመርጠው ግን ሠራተኛው ነው፤ እርሱ ካልመረጠ ሳጥኑ ይመርጥለታል።

ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ የፈተነን የሚያዝያ 27 የድል በዓል እትም ነበር። ጠላት በ1928 አዲስ አበባ በገባበት በዚያው ዕለት፣ ልክ በአምስተኛው ዓመት በ1933 ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ከተማይቱ የተመለሱበት ቀን እንደ መሆኑ፣ መጽሔታችን የስድስት አርበኞችን ምስል በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ሊያወጣ ወሰነ። የገጹ የጽሑፍ ወርድ 17.4 ሴንቲሜትር ነበር፤ በመካከላቸው 0.6 ክፍተት ያላቸው ባለ 5.4 ሦስት ዐምዶች ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ ሦስት ሳጥን፣ እያንዳንዱ 5.4 በ7.2 ተብሎ በወረቀት ተነደፈ፤ በንድፉም ላይ ጉድለት አይታይበትም ነበር።

ፎቶግራፎቹ ሲመጡ ግን እንደ ንድፉ አልነበሩም። አንደኛው የአንድ አርበኛ ካህን የስቱዲዮ ፎቶግራፍ ነው፤ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ መስቀላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ሁለተኛው የአንበሳ ጎፈር የደፉ፣ ጋሻ የያዙ፣ ቆመው የተነሡ ሽማግሌ ናቸው። ሦስተኛው ባርኔጣ ያደረጉ፣ አራተኛዋ ሹሩባቸውን የተሠሩ አርበኛ እናት፣ አምስተኛው ከጓዶቻቸው ጋር በጅምላ የተነሡ ሰው ናቸው። ስድስተኛው ከመታወቂያ ላይ የተላጠ፣ የማኅተም ጠርዝ ትከሻው ላይ ያለበት 3 በ4 ጉርድ ፎቶግራፍ ነበር፤ ከእርሱ በቀር ሌላ ምስል አልነበራቸውም።

ስድስቱንም እንዲያው ወርዳቸውን 5.4 አድርጎ ቢያስገቧቸው የጉርዱ ፎቶግራፍ ባለቤት ፊት ሳጥኑን ይሞላል፣ ቆመው የተነሡት ሽማግሌ ፊት ግን የአውራ ጣት ጥፍር አያህልም፤ አንባቢውም ያለ ማንም ነጋሪ አንዱን ታላቅ፣ ሌላውን ታናሽ ያደርገዋል። ስለዚህ ጋሼ ሳጥኖቹን ወደ ጐን ብለው ማስመሪያ አንሥተው ፊቶቹን ለኩ። የሚለኩትም ከአገጭ እስከ አናት አልነበረም፤ ጥምጥም፣ ጎፈርና የጠጕር አሠራር የአናትን ወሰን ስለሚሰውሩ፣ ከአገጭ ጫፍ እስከ ዓይኖቹ መካከል ያለውን ርቀት ነበር። ይህ ርቀት ፊቱን ወደ ካሜራው ቀጥ አድርጎ በተነሣ ሰው ዘንድ የራሱን ቁመት ግማሽ ያህል ነው፤ ባርኔጣም ጥምጥምም አያዛባውም። አንገቱን ወደ ኋላ በጣለ ወይም ባቀረቀረ ሰው ላይ ልኩ ያጥራል፤ ያን ጊዜ በዓይን ማስተካከል ያስፈልጋል።

ለስድስቱም ይህ ርቀት በኅትመቱ ላይ 1.6 ሴንቲሜትር እንዲሆን፣ የሁሉም ዓይን በረድፉ ላይ በአንድ መስመር እንዲውል ቈረጥን። በካህኑ ፎቶግራፍ ላይ ርቀቱ 2.0 ስለ ነበረ ምስሉ ወደ 80 ከመቶ መውረድ አለበት፤ 5.4 ለ0.8 ሲካፈል 6.75፣ 7.2 ለ0.8 ሲካፈል 9 ይሆናል፤ እንግዲህ ከ9 በ12ቱ ፎቶግራፍ ላይ 6.75 በ9 የሆነ መስኮት ከፍተን ዓይናቸውን በሚገባው ከፍታ ላይ ማዋል ብቻ ቀረን። ዓይን ከላይኛው ጠርዝ 3.0 ሴንቲሜትር ዝቅ እንዲል ስለ ወሰንን ከአናት በላይ 1.4 ይቀራል፤ የካህኑ ጥምጥም በዚህ ውስጥ ያለ ጭንቀት ገባ።

የጉርዱ ፎቶግራፍ ግን እምቢ አለ። በእርሱ ላይ ከአገጭ እስከ ዓይን 1.2 ስለ ነበረ 133 ከመቶ ቢያድግ ፊቱ ከሌሎቹ ጋር ይስተካከላል፤ ነገር ግን የ3 ሴንቲሜትሩ ወርድ በዚህ እድገት 4.0 ብቻ ነው የሚሆነው፤ ሳጥኑ 5.4 ይጠይቃል፤ ከፎቶግራፉ ውጭ የሚጨመር ትከሻ ከየት ይመጣል? እስከ 5.4 ቢያድግ ፊቱ ከጎረቤቶቹ ፊት በሲሶ ይበልጣል፤ የማኅተሙም ጠርዝ አብሮ ይገዝፋል። በዚህ ሳለን የጎፈር ባለቤት የሆኑት ሽማግሌ ተራ ደረሰ፤ የእርሳቸው ጎፈር ከአናታቸው በላይ 1.8 የሚወጣ ስለ ነበረ በ1.4 ቦታ ውስጥ አይገባም። እንግዲህ አንደኛው ፎቶግራፍ ጠበበ፣ ሁለተኛው ረዘመ፤ አንዱን ለማስደሰት ፊቱን ብናሳድግ ሌላው ይቈረጣል፣ ብናሳንስ ያኛው ባዶ ይተዋል።

ከዝግጅት ክፍሉ አንዱ «የጎፈሩ ጫፍ ትንሽ ቢቈረጥ ማን ያያል?» ሲል ጋሼ ድምፃቸውን ሳያነሡ «ልጄ፣ ያ ጎፈር የራሳቸው ነው፤ እንደ ጠጕራቸው ቍጠረው» አሉና ያን አሳምረው የነደፉትን ገጽ አጥፈው አዲስ ወረቀት ዘረጉ። እኔ ከዚያ ቀን የወሰድኩት ትምህርት ይህ ነው፤ ስድስት ፊቶች ከአንድ ሳጥን ጋር ሲጣሉ፣ መለወጥ ያለበት ሳጥኑ ነው።

አዲሱ ንድፍ እንዲህ ሆነ። ራሳቸውን የሸፈኑት ሦስቱ፣ ጎፈር፣ ጥምጥምና ባርኔጣ ያደረጉት፣ በላይኛው ረድፍ ዋሉ፤ የእነርሱ ሳጥን 5.4 በ8.0 ሆነ፣ የተጨመረው 0.8 ሁሉ ከራስጌ ስለ ተሰጠ ዓይናቸው ከላይ 3.8 ዝቅ አለ፣ ከጎፈሩ በላይም 0.4 ሴንቲሜትር አየር ቀረ። ራሳቸውን ያልሸፈኑት ሦስቱ በታችኛው ረድፍ ገቡ፤ በዚያ ረድፍ ሕግ የሚሰጠው ጠባቡ ጉርድ ስለ ሆነ ሦስቱም ሳጥኖች 4.0 በ5.3 ተደረጉ። የሁሉም ፊት ያው 1.6 ልክ ስለ ሆነ የታችኞቹ ሳጥን ማነሱ ሰዎቹን አላሳነሳቸውም፤ አንባቢው ፊትን ከፊት ጋር እንጂ ጠርዝን ከጠርዝ ጋር አያነጻጽርምና። ሦስቱ ትንንሽ ሳጥኖች ከነክፍተታቸው 13.2 ሴንቲሜትር ብቻ ስለ ወሰዱም በስተቀኝ 3.6 ወርድ ያለው ጠባብ ዐምድ ተረፈ፤ የስድስቱ አርበኞች ስምና የዘመቱበት አገር በዚያ ተጻፈ። የማኅተሙን ጠርዝ አላስፋቅነውም፤ ምስሉ ከየት እንደ መጣ ይመሰክራል ብዬ ዛሬም አምናለሁ።

ከጅምላው ፎቶግራፍ የሚወጣው ሰው ሌላ ጭንቀት ነበረው። ጓደኛቸው እጁን በትከሻቸው ላይ አሳርፎ ስለ ተነሣ፣ መስኮቱን በፊታቸው ዙሪያ ስናጠብብ ባለቤት የሌላቸው አራት ጣቶች ትከሻቸው ላይ ቀሩ። በእርሳቸው ላይ ሦስት መንገድ ነበረን፤ ጣቶቹን በቀለም ማጥፋት፣ መስኮቱን ከጣቶቹ በላይ ማቆም፣ ወይም ወርዱን ማስፋት። የመጀመሪያውን ጋሼ አልፈቀዱም። ሁለተኛው መስኮቱን በአንገት ላይ ያቆመዋል፤ በአንገት፣ በክርን፣ በእጅ አንጓ ላይ የቆመ ጠርዝ ደግሞ አካሉ የተቈረጠ ያስመስላል፤ በክንድ ወይም በደረት መካከል የቆመ ጠርዝ ግን አካሉ ከሳጥኑ ውጭ እንደሚቀጥል ያስረዳል። ሦስተኛውንም 4.0 ወርድ አልፈቀደም። በመጨረሻ መስኮቱን ሰባት ሚሊሜትር ያህል ወደ ሌላው ወገን ስንገፋው ጣቶቹ ወጡ፣ ሰውየውም ከመካከል ጥቂት ዘንበል አሉ፤ ፊታቸው ወደ ገጹ ውስጥ የሚመለከት ስለ ነበረ ከዓይናቸው ፊት የተገኘው ክፍተት አማረባቸው። ወደ ውጭ የሚመለከት ፊት ቢሆን አንድ ወዳጃችን ምስሉን እንገልብጠው ይል ነበር፤ ነገር ግን የተገለበጠ ፎቶግራፍ በግራ ደረት ላይ ያለውን ኒሻን ወደ ቀኝ ያሻግራል፣ የነጠላውንም አጣጣል ያዛባል፤ የሚያውቁት ሰዎችም ወዲያው ይለዩታል። በዚህ ጊዜ የሚዛወረው ሰውየው የሚውልበት ዐምድ ነው።

ኒሻንን ካነሣሁ ዘንድ፣ የአርበኛ ፎቶግራፍ የሚከረክም ሰው የደረቱን ጠርዝ ሲመርጥ ኒሻኖቹን በግማሽ እንዳይከፍል መጠንቀቅ ይገባዋል፤ ወይ ሁሉም ይታያሉ፣ ወይ መስኮቱ ከእነርሱ በላይ ይቆማል። ክብ ኒሻን ሌላም አገልግሎት አለው፤ የምስሉን ምጥጥን ይፈትናል። ምጥጥን ሳይታወቅ ሊዛባ እንደሚችል የተማርኩት ከአንድ ቤት ግድግዳ ላይ ከተነሣ ፎቶግራፍ ነው። ቤተ ሰቡ ምስሉን ከቤት አናስወጣም ስላሉ ፎቶግራፍ አንሺው ከነመስታወቱ፣ ከተሰቀለበት ሳያወርደው፣ ከታች ወደ ላይ አነሣው። በመጣልን ቅጂ ላይ የክፈፉ ሁለት ጐኖች ወደ ላይ እየቀረቡ ስለ ሄዱ የሰውየው ግንባር ጠብቦ አገጫቸው ሰፍቶ ነበር፤ ከክፈፉ ውስጥ ፊቱን ብቻ ቆርጠን ብናየው ኖሮ ሰውየው እንዲያ ያሉ ናቸው ብለን እናልፍ ነበር። መድኀኒቱ መከርከም ሳይሆን እንደገና ማንሣት ነው፤ ክፈፉን አውርዶ በግድግዳ ላይ ቀጥ አድርጎ ማስደገፍ፣ ካሜራውን ከምስሉ መካከል ጋር በአንድ ከፍታ ማቆም፣ ነጸብራቅ እንዳይገባም ብርሃኑን ከጐን ማምጣት።

ኮምፒዩተር ከመጣ በኋላ ስስ ወረቀቱም ሰያፉም ቀሩ፤ ክሊሼ የማይሠራው አንድ ጥፋት ግን በዚያው ጊዜ ገባ። የዚንኩ ካሜራ ምስልን ሲያሳድግ ወርዱንና ቁመቱን አብሮ ያሳድጋል፤ ኮምፒዩተር ግን አንዱን ለብቻው እንዲለጠጥ ይፈቅዳል። ያ 4.0 ወርድ ያለው ጉርድ ፎቶግራፍ ዛሬ ቢሆን ቁመቱ ሳይነካ ወደ 5.4 ሊጎተት ይችላል፤ ያን ጊዜ 2.3 ወርድና 3.2 ቁመት ያለው ራስ 3.1 በ3.2 ይሆናል፤ የሰውየው ፊት ክብ ሆኖ የገዛ ልጃቸው አያውቃቸውም። የሚያሳዝነው፣ ሰውየውን በአካል የማያውቅ አዘጋጅ ጥፋቱን በፊቱ ላይ አያየውም። ስለዚህ የሚታየው ክብ ነገር ላይ ነው፤ በዓይን ጥቁር ክብ፣ በአዝራር፣ በኒሻን፤ ወርዳቸው ከቁመታቸው ከበለጠ ምስሉ ተለጥጧል። ወደ ጐን ያጋደለ ኒሻን ስለሚያታልል ከሁለት ሦስት ክቦች ምስክርነት መውሰድ ይበጃል።

በኢንዲዛይን የሚሠሩ ወጣቶች አጠገብ ስቀመጥ ሁልጊዜ ሁለት ነገር አያለሁ። መጀመሪያ ምስሉ ራሱ ተመርጦ Scale X Percentage እና Scale Y Percentage የሚሉት ሁለት ቍጥሮች እኩል መሆናቸውን፤ አንዱ 100 ሌላው 135 ከሆነ ምስሉ ተለጥጧል ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በሳጥኑ ልክ የሚለጥጠው Fit Content to Frame የሚለው ትእዛዝ ነው። ቀጥሎ Fill Frame Proportionally በሚለው የተሞሉ ሳጥኖችን፤ ይህ ትእዛዝ ምጥጥኑን ይጠብቃል፣ ነገር ግን ምስሉን ከመካከሉ ይዞ የተረፈውን ከዳርና ከዳር እኩል ስለሚያስቀር፣ በቁመቱ የተነሣ ሰው በአግድም ሳጥን ሲገባ ከታች የጉልበቱን ያህል ከላይም ራሱን ይወስዳል። ሳጥኑ ሳይነካ ምስሉ ብቻ በውስጡ ወደ ታች መጎተት አለበት። ስድስት ፊት ያለበት ገጽ ሲሆን ደግሞ ከማስመሪያው ላይ አንድ አግድም መስመር ለዓይን፣ 1.6 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎም ሌላ መስመር ለአገጭ አውርደው፣ ምስሉን ሁለቱን መስመር እስኪነካ ድረስ በእኩል እንዲያሳድጉት ወይም እንዲያሳንሱት እነግራቸዋለሁ፤ የሳጥኑን ጠርዝ የሚያበጁት ከዚያ በኋላ፣ ስድስቱም ፊቶች በቦታቸው ከዋሉ ወዲያ ነው።